አሮጌዋን ቫን እናድስ ወይስ አዲስ እንግዛ? የአንድ ዳቦ ቤት የሂሳብ ማስታወሻ

መስከረም መጀመሪያ 2018

እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ቤት አላት። ዳቦው ሌሊት ይጋገራል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ይታደላል። የምታድለው አንዲት የቆየች ሃይኤስ ቫን ናት፤ ሞተሯ የቶዮታ 3 ኤል ናፍጣ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ጭሷ ሰማያዊ ሆኗል። ዘይት ትበላለች፤ በብርድ ጠዋት ቶሎ አትነሳም። ጋራዡ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ብሏል። በሌላ በኩል አንድ ደላላ አነስተኛ የኤሌክትሪክ የጭነት ቫን አሳይቷት ልቧ ለሁለት ተከፍሏል።

የዳቦ ቤቱን ሂሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። እድሳቱ 400,000 ብር ግድም ነው፤ አዲሷ 2,600,000 ብር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ምንም አይነግረንም። እድሳቱ የሚገዛልን 3 ዓመት ያህል ነው፤ አዲሷ 8 ዓመት ታገለግላለች ተብሎ ይታሰባል። በዚያ ላይ አንደኛዋ ናፍጣ ትጠጣለች፤ ሌላዋ ከግድግዳ ትሞላለች።

ስለዚህ ሁሉንም ወደ ተመጣጣኝ ዓመታዊ ወጪ ልለውጠው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መኪናዋን ገዝቼ፣ አሠርቼ፣ ነድቼ፣ መጨረሻ ላይ ሸጬ የማወጣው የተጣራ ገንዘብ በየዓመቱ እኩል እኩል የሚከፈል ኪራይ ቢሆን ኖሮ፣ ኪራዩ ስንት ይሆን ነበር? የእድሜ ልዩነት ያላቸው ሁለት መኪናዎች በዚህ መንገድ በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

በዚያው ሳምንት፣ ጋራዥ

ሂሳብ ከመጀመሬ በፊት እድሳቱ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ዘይቱ በየት በኩል እንደገባ ግን አይናገርም። የቫልቭ ጎማ ብቻ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። የፒስተን ቀለበቶችና ሲሊንደሩ ካለቁ ግን ሞተሩ መውረዱ አይቀርም።

መካኒኩን «ጋሼ፣ ከመፍታትዎ በፊት ኮምፕረሽኑን ይለኩልኝ» አልኳቸው። ለካን። ለዚህ ሞተር ጤናማው ወደ 30 ባር ነው፤ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 20 ሲሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። የእኛዋ 23፣ 22፣ 17 እና 21 አወጣች። ሦስተኛው ሲሊንደር ከዝቅተኛው ከ20 በታች ወርዷል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱት ጋዙ በኃይል ይተነፍሳል። ይህ ደግሞ ጋዙ በቀለበቶቹ በኩል ወደ ታች እያለፈ መሆኑን ያሳያል። «ቴስታታውን ብቻ ብሠራልሽ ገንዘብሽን ነው የምበላው» አሏት እህቴን በስልክ። በዚህ አመንኳቸው።

ዋጋው እንዲህ ሆነ። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ማሠራት፣ ፒስተንና ቀለበት፣ ብሮንዚን፣ ጓርኒሲዮን፣ የናፍጣ ፖምፓውን ማስተካከል፣ ፍሪሲዮንና የእጅ ዋጋ፤ ጠቅላላ 330,000 ብር። መኪናዋ ስትታደስ 10 ቀን ያህል ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ሌላ መኪና እንከራያለን። ያንን ጨምሬ 400,000 ብር ያዝኩ።

ከመስቀል በኋላ

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ወጪ ላይ ደረስኩ። እህቴ «አሮጌዋ እኮ ተከፍላ ያለቀች ናት፤ እድሳቱን ብቻ ቁጠር» አለችኝ። በመዝገባችን ላይ እውነትም የመኪናዋ ዋጋ ወደ ምንም ወርዷል። ገበያው ላይ ግን ዋጋ አላት። ከነጭሷ ዛሬ 800,000 ብር የሚሰጡን ገዢዎች አሉ፤ ሁለት ደላሎች በየፊናቸው ተቀራራቢ ዋጋ ነግረውኛል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ዋጋው እንደ ድሮው ቶሎ አይወርድም።

መኪናዋን ካስቀረናት ያንን 800,000 ብር ትተነዋል ማለት ነው። ስለዚህ የ«እድሳት» አማራጭ መነሻ ወጪ 400,000 ሳይሆን 1,200,000 ብር ነው። ከ3 ዓመት በኋላ በዛሬ ዋጋ 600,000 ብር እንሸጣታለን ብዬ ያዝኩ።

በተቃራኒው፣ ባለፈው ዓመት ካምቢዮዋን ያሠራንበትን ገንዘብ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ አላስገባሁም። እህቴ ቅር ብሏታል። «ያን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እሸጣታለሁ?» ትላለች። ገንዘቡ ግን ብናድሳትም ብንሸጣትም አይመለስም። ጥሩ ካምቢዮ መሆኑ ከረዳን የሚረዳን በመሸጫ ዋጋዋ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ተቆጥሯል።

የሾፌሩ ደመወዝም የለበትም። በሁለቱም መኪና ያው ሰው፣ ያው ደመወዝ ነው። የትርፍ ግብሩንም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌዋለሁ።

መስከረም መጨረሻ፣ የዓመት ወጪዎች

መኪናዋ በቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በዓመት 12,000 ብዬ ያዝኩ። ከታደሰች በኋላ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 1,200 ሊትር ናፍጣ ነው። በሊትር 130 ብር ስናሰላው 156,000 ብር ይሆናል። ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለባልስትራና ለዘይት በመጀመሪያው ዓመት 90,000፣ ከዚያ 120,000፣ ከዚያ 160,000 ብር ያዝኩ። ሞተሩ ቢታደስም የቀረው አካል ያረጀ ነው፤ ዋጋው እየጨመረ የሚሄደው ለዚህ ነው። ለቦሎና ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ 12,000 ጨመርኩ።

ከሁሉም የደከምኩበት ግን መኪናዋ ስትቆም የምናጣው ነው። ዳቦ አይጠብቅም። አንድ ሰዓት ከዘገየ ሱቁ ከሌላ ይወስዳል፤ የእኛው ይመለሳል። የኪራይ ደረሰኞችንና የተመላሽ ዳቦ መዝገቡን አገናኝቼ አየሁ። መኪናዋ በቆመችበት ቀን የተከራየነው መኪና ዋጋ፣ ያልነዳንበት ናፍጣ ተቀንሶለት፣ ወደ 5,500 ብር ይመጣል። ተመላሹ ዳቦ ወደ 1,500 ብር። በድምሩ በቀን 7,000 ብር።

የታደሰችው መኪና በመጀመሪያው ዓመት 6 ቀን፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 12 ቀን ትቆማለች ብዬ ገመትኩ። እንግዲህ የታደሰችው የዓመት ወጪ በተከታታይ 300,000፣ 351,000 እና 412,000 ብር ይሆናል።

አዲሷ ዋጋዋ 2,480,000 ብር ነው። ለሊብሬ፣ ለታርጋና ለቻርጀር መስመር ዝርጋታ 120,000 ጨምሬ 2,600,000 ያዝኩ። ዳቦ ቤቱ ለምድጃው ሦስት ፌዝ መስመር ስላለው ዝርጋታው አልከበደም። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትበላ በዓመት 3,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመብራት ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር ስለተወሰነ አስፍቼ በኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ያዝኩ፤ 30,000 ብር። ጎማና ፍሬን 50,000፣ ሙሉ ኢንሹራንስ 60,000፣ ለ3 የቆመችባቸው ቀናት 21,000 ብር። ጠቅላላ በዓመት 161,000። ከ8 ዓመት በኋላ ባትሪዋ ስለሚደክም የመሸጫ ዋጋዋን ዝቅ አድርጌ 400,000 ብር ብቻ ሰጠኋት።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ስሌት

ባንኩ ለተሽከርካሪ ብድር የነገረን ወለድ 18 በመቶ ነው። መጀመሪያ በእሱ አሰላሁት። በኤክሴል ላይ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦

```
=PMT(18%,3,-(1200000+NPV(18%,300000,351000,412000)),600000)
=PMT(18%,8,-2600000,400000)+161000
```

የላይኛው የእድሳቱ ነው፤ የታችኛው የአዲሷ። NPV ወደፊት የሚመጡትን ወጪዎች በወለዱ ልክ እያሳነሰ ወደ ዛሬ ያመጣል፤ PMT ሁሉንም እኩል ዓመታዊ ክፍያ ያደርገዋል። መነሻ ወጪው በመቀነስ ምልክት ይገባል፤ የመጨረሻው ቁጥር መሸጫ ዋጋው ነው። ውጤቱ ለእድሳቱ በዓመት 732,000 ብር፣ ለአዲሷ 773,000 ብር ሆነ። እድሳቱ በ40,000 ብር ግድም ይረክሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ ይወስናል። እኔ ግን ሁለቱ የሂሳቡ ክፍሎች በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ አይደለም ብዬ አላለፍኩትም። የባንኩ 18 በመቶ በውስጡ የዋጋ ንረት አለበት። ባንኩ የሚመለስለት ብር ዛሬ ካበደረው ብር አቅሙ ያነሰ እንደሚሆን ያውቃል፤ ያንን ጨምሮ ነው ወለዱን የሚጠይቀው። የእኔ ወጪዎች ደግሞ ሁሉም በዛሬ ዋጋ ናቸው። በስድስተኛው ዓመት የሚቀዳውን ናፍጣ እንኳን 130 ብር ብዬ ነው የያዝኩት። የዛሬ ዋጋ ይዤ ንረት ባለበት ወለድ ካሳነስኩት፣ ወደፊት የሚመጣ ነገር ሁሉ ከሚገባው በላይ ያንሳል።

ይህ ደግሞ ሁለቱን እኩል አይጎዳም። የአዲሷ ወጪ ዛሬ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ጥቅሟ ግን በ8 ዓመት ውስጥ ተበትኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚጎዳው እሷን ነው።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወጪዎቹንና መሸጫ ዋጋዎቹን ሁሉ በየዓመቱ በንረቱ ልክ ማሳደግ፣ ወይ ወለዱን ከንረት ማጥራት። ሁለተኛው ይቀላል። ንረቱን 12.5 በመቶ ብይዝ፣ 1.18ን ለ1.125 አካፍዬ 1 ስቀንስ 5 በመቶ ያህል ይቀራል። 18 ሲቀነስ 12.5 ማለትም ቅርብ ያደርሳል፤ ንረት ከፍ ሲል ግን ማካፈሉ ይሻላል።

በ5 በመቶ ደግሜ አሰላሁት። እድሳቱ 603,000 ብር። አዲሷ 521,000 ብር። ውጤቱ ተገለበጠ፤ አሁን አዲሷ በዓመት በ82,000 ብር ገደማ ትረክሳለች። ከመኪናዎቹ አንድም ቁጥር አልነካሁም። የተለወጠው ወለዱ ብቻ ነው። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ይህን ዓይነት ሂሳብ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ጥቅምት፣ «ትንሽ ትቆይ» የሚለው አማራጭ

እህቴ ሁለቱንም ፈርታለች። «እስከ ፋሲካ እንዲሁ ትጎተት» አለችኝ። ደህና፣ እሱም አማራጭ ነውና ይሰላ። ሳትታደስ አንድ ዓመት ብትሠራ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ናፍጣው 195,000 ብር ይሆናል። ዘይት መጨመሩና ጥቃቅን ጥገናው 150,000። ባለፉት ወራት መዝገብ መሠረት በዓመት 20 ቀን ብትቆም 140,000። ኢንሹራንስና ቦሎ 12,000። ከዓመት በኋላ መሸጫዋ ከ800,000 ወደ 550,000 ይወርዳል። የ800,000ው የዓመት ወለድ በ5 በመቶ ሲጨመር በዓመት 787,000 ብር ነው።

ከሦስቱም ውድ የሆነው ይኸው ነው። ምንም ሳይከፈል የሚያልፍ ስለሚመስል ነው የሚያታልለው። ወጪው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ በዘይት ጣሳና በኪራይ ደረሰኝ ይወጣል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ አዲሷ ስንት ዓመት ትኖራለች?

በዚህ ሂሳብ ውስጥ የማላውቀው ትልቁ ነገር የባትሪው እድሜ ነው። ስለዚህ 8ን እየቀነስኩ አየሁ። 7 ዓመት ከኖረች 561,000 ብር፤ አሁንም አዲሷ ትረክሳለች። 6 ዓመት ብቻ ከኖረች 614,000፤ ከእድሳቱ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። በ5 ዓመት ካበቃላት 689,000 ብር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማደሱ ይሻለን ነበር።

ጥያቄው ጠበበ። «የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት «ይቺ መኪና 6 ዓመት በደህና ትሠራልናለች ወይ?» ማለት ይቀላል። የመብራት ዋጋ እጥፍ ቢሆን በዓመት 30,000 ብር ብቻ ይጨምራል፤ ውሳኔውን አይለውጥም። የባትሪው እድሜ ይለውጠዋል።

ስለዚህ ወደ ሻጩ ሄድን። አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ነው። ችግሩ መኪናዋን ያስመጣው ሌላ ነጋዴ ከሆነ የአምራቹ ዋስትና እዚህ ላይሠራ መቻሉ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ «አይዟችሁ፣ እኛ አለን» አለን፤ ወረቀት ግን አልሰጠንም። ትተነው ወጣን። ሁለተኛው ዘንድ ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ባትሪው ከ70 በመቶ አቅሙ በታች ከወረደ የሚተካ መሆኑን፣ ለስንት ዓመትና ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ማን እንደሚተካው በውሉ ላይ አሰፈረልን። እኛ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ስለምንነዳ በ8 ዓመት 96,000 ነው፤ ከኪሎ ሜትር ገደቡ በታች ነን።

ጥቅምት መጨረሻ፣ መጠበቅ ዋጋው ስንት ነው?

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የ3 ዓመትን ከ8 ዓመት ጋር በዚህ ዘዴ ማወዳደር፣ ጊዜው ሲያልቅ ያንኑ መድገም ይቻላል ብሎ ማሰብ ነው። አሮጌዋን ግን ከ3 ዓመት በኋላ በ400,000 ብር ደግመን ማደስ አንችልም። እውነተኛው አማራጭ «ዛሬ አድስ፣ ከ3 ዓመት በኋላ አዲስ ግዛ» ነው።

እንዲህ ሲታይ እድሳቱ የሚገዛልን የመጠበቅ ጊዜ ነው። ለ3 ዓመት በየዓመቱ 82,000 ብር ያህል ተጨማሪ እንከፍላለን። ከወለዱ ጋር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ 257,000 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ የአዲሷ ዋጋ 10 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ቫን ዋጋ በ3 ዓመት ውስጥ፣ ንረቱ ተቀንሶ፣ ከ10 በመቶ በላይ ይረክሳል ብሎ የሚያምን ሰው ቢያድስ አያጠፋም። የባትሪ ዋጋ በዓለም ላይ እየወረደ ነው፤ የምንገዛው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። እህቴና እኔ በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። እሷ ብሩ ይደክማል ብላ መጠበቁን አልወደደችውም።

ከእኛ ያነሰ ለሚነዳም ሂሳቡ ይለያል። በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንነዳ ኖሮ እድሳቱ 525,000፣ አዲሷ 506,000 ብር ይሆኑ ነበር። ያን ያህል ቅርብ ሲሆን በወረቀት ያልተደገፈ ባትሪ ላይ ገንዘቤን አላፈስም ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ዓመታዊ ወጪው ዝቅተኛ ነው ማለት በየወሩ የሚከፈለው ይቻላል ማለት አይደለም። አሮጌዋን በ800,000 ሸጠን 1,800,000 ብንበደር፣ በ18 በመቶ ለ4 ዓመት፣ የወር ክፍያው 53,000 ብር ገደማ ነው። የዳቦ ቤቱን የወር ገቢና ወጪ ዘርግቼ አየሁት፤ የዱቄት ዋጋ ትንሽ ከፍ ባለበት ወር ያንቃል። እዚህ ላይ ንረት የሌለበትን 5 በመቶ መጠቀም አይቻልም። ባንኩ የሚጠይቀው 18ቱን ነው፤ ደመወዝም የሚከፈለው በዚያው ወር ብር ነው።

እህቴ ዕቁብ አላት። እጣዋ ቀርቧል። ከዚያና ከቁጠባዋ 600,000 ብር ጨምራ ብድሩ ወደ 1,200,000 ወረደ። የወር ክፍያው 35,000 ብር ግድም ሆነ። ይህ የዱቄት ዋጋ በጨመረባቸው ወራትም ይከፈላል። ወሰንን፤ አሮጌዋን ሸጠናል። ጭሷንም የኮምፕረሽን ቁጥሯንም ለገዢው ነግረነዋል።

ታኅሣሥ

አዲሷ ሥራ ጀምራለች። ቻርጀሩ ላይ የራሱ ቆጣሪ አስገጥመናል። በ100 ኪሎ ሜትር 27 ኪሎ ዋት ሰዓት እየበላች ነው፤ ከገመትኩት 2 ከፍ ይላል። በዓመት 2,400 ብር ነው፤ ወደ ሂሳቡ አስገብቼዋለሁ። መብራት የጠፋበት ሌሊት ነበር። አንድ ሙሌት ለበርካታ ቀናት ስለሚበቃት ጠዋት ሥራ አልተጓደለም። ሾፌሩ ግን ባትሪው ከግማሽ በታች ሲወርድ ሳይሞላ እንዳያሳድራት ተስማምተናል።

ከሁሉም በላይ የምከታተለው የባትሪውን ጤና ነው። በየሦስት ወሩ ሙሉ ሞልተን፣ በዚያው መንገድ ነድተን፣ የቀረውን በመቶኛና የተነዳውን ኪሎ ሜትር እንመዘግባለን። ገጹ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የባትሪ አቅም። አራተኛ ዓምድ ጨምሬ የቆመችባቸውን ቀናት በየወሩ እጽፋለሁ፤ 3 ቀን ብዬ የገመትኩት ግምት ስለሆነ። የመጀመሪያው የባትሪ ልኬት ጥር ላይ ነው።